ለቧንቧ ፈላጊ ፊልተር የትኛው ኦፕ-አምፕ ይሻላል?

ደብረ ብርሃን ውስጥ አንድ ግቢ ሊቆፈር ሲል መጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ፣ አሮጌው የብረት ቧንቧ በየት በኩል ያልፋል የሚለው ነው። የሰፈራችን ቧንቧ ሠራተኛ መልሱን የሚፈልጉት ጫፉ የሾለ ብረት መሬት ውስጥ እየሰኩ ነው። የሠራሁትን መሣሪያ ይዤ ስመጣ ከላይ እስከ ታች አዩትና፣ «አንተ ልጅ፣ ይህ ከእኔ ብረት ይበልጣል እንዴ?» አሉኝ። «አይበልጥም ጋሼ፣ ቧንቧውን አይበሳም እንጂ» አልኋቸው። ሳቁና መንገድ ለቀቁልኝ።

መሣሪያው ሁለት ክፍል አለው። ላኪው አንድ ጫፉ ከቧንቧው፣ ሌላው ጫፉ መሬት ከተተከለ ብረት ጋር ይታሰርና 10 ኪሎኸርዝ ምልክት በቧንቧው ውስጥ ይሰዳል። ተቀባዩ ከመሬት በላይ በሚንቀሳቀስ የሽቦ ጥቅል የቧንቧውን መግነጢሳዊ መስክ ያነሣል፤ በኦፕ-አምፕ፣ ማለትም በማጉያ ቺፕ፣ የተሠራው ፊልተር ደግሞ 10 ኪሎኸርዙን ብቻ መርጦ ያሳልፋል። ለፕላስቲክ ቧንቧ አይሠራም፤ ምልክቱን የሚሸከም ብረት የለምና። የላኪው ፍሪኩዌንሲ ከ10 ሜጋኸርዝ ክሪስታል በሺህ ተካፍሎ ስለሚገኝ ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ ፊልተሩ ወደ ላኪው መምጣት አለበት እንጂ ላኪው ወደ ፊልተሩ አይሄድም።

ምርጫው በሦስት ቺፖች መካከል ነው፤ ሦስቱም በአንድ ቅርፊት ውስጥ ሁለት ኦፕ-አምፕ የያዙና የእግሮቻቸው አቀማመጥ አንድ ዓይነት የሆነ ናቸው። አንዱን ነቅሎ ሌላውን መሰካት ስለሚቻል ብዙ ሰው «ሁሉም ያው ነው» ብሎ ያለውን ይሰካል። ያው አይደለም። ከታች የጌይን-ባንድዊድዝ ብዜት የሚባለው ቺፑ ትንሽ ምልክትን በየትኛው ፍሪኩዌንሲ ምን ያህል ማጉላት እንደሚችል ይናገራል፤ ጌይን ማለት የማጉላት መጠን ነው። ስሉ ሬት ደግሞ የውጤቱ ቮልቴጅ ሊለወጥ የሚችልበት ከፍተኛ ፍጥነት ነው።

| ቺፕ | የጌይን-ባንድዊድዝ ብዜት | ስሉ ሬት | የሚበላው ጅረት (ለሁለቱ) |
|---|---|---|---|
| ኤልኤም358 | 1 ሜጋኸርዝ ገደማ | 0.3 ቮልት በማይክሮሰከንድ | 1 ሚሊአምፒር ገደማ |
| ቲኤል072 | 3 ሜጋኸርዝ | 13 ቮልት በማይክሮሰከንድ | 3 ሚሊአምፒር ገደማ |
| ኤንኢ5532 | 10 ሜጋኸርዝ | 9 ቮልት በማይክሮሰከንድ | 8 ሚሊአምፒር ገደማ |

አኃዞቹ የተለመዱት የዳታሺት አማካዮች ናቸው፤ የተሻሻሉ አዳዲስ ዓይነቶች ከዚህ ከፍ ሊሉ ይችላሉ። ከሠንጠረዡ የሚታየው የመጀመሪያው ነገር ሁለቱ የፍጥነት ዓምዶች ቺፖቹን በአንድ ቅደም ተከተል አለማስቀመጣቸው ነው። በአንዱ ኤንኢ5532 ይቀድማል፣ በሌላው ቲኤል072። ሁለቱን ፍጥነቶች አንድ አድርጎ ማየት በዚህ ሥራ ላይ ከሚያጋጥሙ ስሕተቶች ሁሉ የከፋው ነው።

ልዩነቱ ከየት እንደሚመጣ ለመረዳት የኦፕ-አምፑን ሆድ ማየት ያስፈልጋል። በመካከሉ አንዲት ትንሽ ካፓሲተር አለች፤ በጥንታዊው 741 ውስጥ 30 ፒኮፋራድ ናት። ኦፕ-አምፑ በፊድባክ ሳይናወጥ እንዲሠራ የተቀመጠችው እርሷ ናት፣ ሁለቱንም ፍጥነት የምትወስነውም እርሷው። ከፊቷ ያለው የግቤት ደረጃ ለትንሽ የቮልቴጅ ልዩነት ምን ያህል ጅረት እንደሚሰጣት የጌይን-ባንድዊድዝ ብዜትን ይወስናል። ያ ደረጃ አቅሙን ሁሉ አሟጦ ሊሰጣት የሚችለው ከፍተኛ ጅረት ደግሞ ስሉ ሬትን ይወስናል። ቦኖ ላይ ጀሪካን እንደመሙላት ነው። ቧንቧውን በጥቂቱ ሲያዞሩት ውሃው ምን ያህል ይጨምራል የሚለው አንድ ጥያቄ ሲሆን፣ እስከ መጨረሻው ከተከፈተ በኋላ ጀሪካኑ በስንት ደቂቃ ይሞላል የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው።

በተራ ባይፖላር ትራንዚስተር በተሠራ የግቤት ደረጃ ሁለቱ ነገሮች ተጣብቀው ይሄዳሉ። ስሌቱ ለእያንዳንዱ ሜጋኸርዝ 0.33 ቮልት በማይክሮሰከንድ ያህል ይሰጣል፤ የኤልኤም358 ሁለት ቁጥሮች በዚሁ መስመር ላይ መሆናቸውን ልብ ይሏል። የቲኤል072 ግቤት ግን ጄፌት የሚባለው፣ በቮልቴጅ የሚታዘዝ ሌላ ዓይነት ትራንዚስተር ነው። ጄፌት ለትንሽ ልዩነት ሰነፍ ነው፤ ያንኑ ምላሽ ለማግኘት ብዙ ጅረት ይመደብለታል። ያ የተመደበ ጅረት ትልቅ ምልክት ሲመጣ ካፓሲተሯን በፍጥነት ይሞላል። በ3 ሜጋኸርዝ ብቻ 13 ቮልት በማይክሮሰከንድ የተገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ተቀባዩ። እዚያ ምልክቱ ትንሽ ስለሆነ ስሉ ሬት ጉዳያችን አይደለም፤ የሚፈትነን የጌይን-ባንድዊድዝ ብዜት ነው። የመጀመሪያው ንድፌ አንድ ኦፕ-አምፕ ያለው ባለ ብዙ ፊድባክ ባንድፓስ ፊልተር ነበር፤ ማዕከሉ 10 ኪሎኸርዝ፣ ኪው 10፣ ማዕከሉ ላይ ጌይን 1። ኪው 10 ማለት የሚያሳልፈው ስፋት 1 ኪሎኸርዝ ነው። ካፓሲተሮቹን እኩል 1 ናኖፋራድ ካደረግን ሬዚስተሮቹ እንዲህ ይወጣሉ፤

```
R3 = Q / (π · f0 · C)   = 318 kΩ   (ከውጤት ወደ ግቤት)
R1 = R3 / 2             = 159 kΩ   (ከምልክቱ)
R2 = R1 / (2·Q² − 1)    = 800 Ω    (ወደ መሬት)
```

መጽሐፉ የሚሰጠው ቀመር ይህ ነው፤ ኦፕ-አምፑ ወሰን የለሽ ጌይን እንዳለው አድርጎ። እውነተኛው ኦፕ-አምፕ ግን 10 ኪሎኸርዝ ላይ የሚቀረው ጌይን ብዜቱ ለፍሪኩዌንሲው ሲካፈል የሚገኘው ነው። ኤልኤም358 ላይ 100፣ ቲኤል072 ላይ 300፣ ኤንኢ5532 ላይ 1000። ይህ ፊልተር በበኩሉ ከኦፕ-አምፑ የሚጠይቀው 2·Q² ነው፤ ለኪው 10 ሲሰላ 200። ኤልኤም358 ያለው 100 ሆኖ የሚጠየቀው 200 ነው። ዕዳው ካለው በእጥፍ ይበልጣል። የፊልተሩ ውጤት በራሱ በ10 ኪሎኸርዝ ላይ ምን እንደሚሆን ይህ ቀመር ይነግረናል፤

```
A = GBW / f0
H = 1 / √(1 + (2·Q² / A)²)

LM358 :  200/100  = 2.00  →  H = 0.45
TL072 :  200/300  = 0.67  →  H = 0.83
NE5532:  200/1000 = 0.20  →  H = 0.98
```

ኤልኤም358 ያለበት ፊልተር ከሚጠበቀው ምልክት ከግማሽ በታች ይሰጣል። ጌይኑ የጠፋ ይመስላል እንጂ አልጠፋም፤ ማዕከሉ ሸሽቷል። ሽሽቱ በግምት ኪው ሲባዛ በማዕከል ፍሪኩዌንሲ፣ ከዚያ ለብዜቱ ሲካፈል የሚገኘው ነው፤ በኤልኤም358 10 ከመቶ ይላል፤ በትክክል ሲሰላ ወደ 9 ከመቶ ነው፣ ማለትም ጫፉ 9.1 ኪሎኸርዝ አካባቢ ይገኛል። የምልክት ማመንጫውን ቀስ ብለው ወደ ታች ሲያወርዱ ውጤቱ ያድግና 9.1 ላይ ሙሉ ሆኖ ይገኛል። ይህን ያላወቀ ሰው ሬዚስተሮቹን ሁሉ እየነቀለ ይለካል፤ እኔም ግማሽ ቀን ለክቻለሁ፤ አንዱም አልተሳሳተም።

እዚህ ላይ ንቁ አንባቢ የሚያነሣው ጥያቄ አለ፤ R2ን ቀንሶ ማዕከሉን ወደ 10 መመለስ አይቻልም ወይ? ይቻላል። የዚህ ፊልተር መልካም ጠባይ R2 ሲቀየር ማዕከሉ ብቻ መንቀሳቀሱ ነው፤ ስፋቱና ጌይኑ በቦታቸው ይቆያሉ። ችግሩ የተስተካከለው ለዚያች ለአንዲት ቺፕ መሆኑ ነው። የብዜቱ አኃዝ አማካይ እንጂ ዋስትና አይደለም። ለ1 ሜጋኸርዝ ቺፕ ያስተካከልነው ሰሌዳ ላይ 0.7 ሜጋኸርዝ የሆነ ሌላ ኤልኤም358 ብንሰካ ውጤቱ ወደ 0.67 ይወርዳል።

ይህ ለምን እንደሚያስጨንቅ ጥልቀት ሲለካ ይታያል። ተቀባዬ ሁለት የሽቦ ጥቅሎች አሉት፤ አንዱ ከታች መሬቱ አጠገብ፣ ሌላው 50 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ። የረጅም ቧንቧ መስክ በርቀት ልክ ስለሚቀንስ ጥልቀቱ ከሁለቱ ንባብ ይሰላል፤

```
d = 0.5 m × V_top / (V_bottom − V_top)
```

ቧንቧው 1 ሜትር ጥልቀት ላይ ቢሆን የታችኛው 1.00፣ የላይኛው 0.667 ያነባሉ፤ ስሌቱ ልክ 1 ሜትር ይሰጣል። አሁን የላይኛው መስመር ፊልተር በ5 ከመቶ ብቻ ይነስ። 0.633 ያነባል፤ ስሌቱ 86 ሴንቲሜትር ይላል። አምስት ከመቶ የጌይን ልዩነት 14 ሴንቲሜትር ሆኖ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል። በአንድ ቅርፊት ያሉ ሁለት ኦፕ-አምፖች ወንድማማች ስለሆኑ ይቀራረባሉ፤ ሁለቱ መስመሮች በሁለት ቺፖች ከተሠሩ ግን ያ መጽናኛ የለም።

ስለዚህ መልሱ ኤንኢ5532 ነው? እኔም መጀመሪያ እንዲያ ብዬ ነበር። በ318 ኪሎኦም ሬዚስተር ላይ ግን ሌላ ጣጣ ይመጣል። የኤንኢ5532 ግቤት ወደ 200 ናኖአምፒር ጅረት ይፈልጋል፤ ይህ በ318 ኪሎኦም ሲያልፍ ውጤቱን በ64 ሚሊቮልት ያንጋድዳል፤ ጅረቱ በአንዳንድ ቺፕ ላይ ከዚህም ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱ ካፓሲተሮቹን 10 ናኖፋራድ ማድረግ ነው፤ ያኔ ሬዚስተሮቹ በዐሥር ይቀንሳሉ። ኤንኢ5532 ያንን ጫና ያለ ችግር ይሸከማል። በሁለት የ9 ቮልት ባትሪ ለሚሠራ ተቀባይ ግን 8 ሚሊአምፒር፣ ያውም ለእያንዳንዱ ቅርፊት፣ ቀኑን ሙሉ ሜዳ ለሚውል ሰው ውድ ነው።

የተሻለው መንገድ ፈጣን ቺፕ ከመግዛት ይልቅ ፊልተሩ የሚጠይቀውን መቀነስ ነው። ጥያቄው በኪው ካሬ እንደሚያድግ ከቀመሩ ታይቷል። አንድ ኪው 10 ፊልተርን በሁለት ተከታታይ ኪው 5 ብንተካ እያንዳንዱ የሚጠይቀው 200 ሳይሆን 50 ይሆናል፤

```
ሁለት ደረጃ፣ Q = 5 እያንዳንዱ
LM358 :  50/100  = 0.50   →  0.894² = 0.80
TL072 :  50/300  = 0.167  →  0.986² = 0.97
NE5532:  50/1000 = 0.05   →  0.999² = 0.998
```

ቲኤል072 በሁለት ደረጃ ያገኘው 0.97፣ ኤንኢ5532 በአንድ ደረጃ ካገኘው 0.98 ጋር በተግባር እኩል ነው። የሚያሳልፈው ስፋት ከ1000 ወደ 1290 ኸርዝ ገደማ ይሰፋል፤ ይህ ኪሳራ ነው። ትርፉ ግን ከኤሌክትሪክ መስመር በሚመጣው 50 ኸርዝ ላይ ይታያል። አንዱ ኪው 10 ፊልተር 50 ኸርዝን በሁለት ሺህ ይቀንሳል፤ ሁለቱ ኪው 5 ደረጃዎች በሚሊዮን ይቀንሱታል። የመብራት ምሰሶ ሥር ቆሞ ቧንቧ ለሚፈልግ ሰው ከ290 ኸርዝ ስፋት ይህ ይበልጥበታል። ኤልኤም358 እንኳን በዚህ ንድፍ 0.80 ደርሷል፤ R2 ከተስተካከለለትና ጥልቀት ለማይለካ ቀላል ፈላጊ ከሆነ አልነቅፈውም።

ለኪው 5 በ1 ናኖፋራድ R3 159 ኪሎኦም፣ R1 79.6 ኪሎኦም፣ R2 1.62 ኪሎኦም ናቸው። R2ን በ1.3 ኪሎኦም ቋሚና በ500 ኦም ተስተካካይ ሬዚስተር ይሥሩት። ኦፕ-አምፑ ማዕከሉን ሁልጊዜ ወደ ታች ስለሚጎትት ማስተካከያው ወደ ላይ የሚያነሣበት ቦታ በርከት ብሎ ሊቀርለት ይገባል። ካፓሲተሮቹ ሲዜሮጂ የሚባለው ሴራሚክ ይሁኑ። ጠዋት ደብረ ብርሃን ቁር ላይ የተስተካከለ ፊልተር ጣርማ በርን ተሻግሮ ሸዋ ሮቢት ሲወርድ 30 ዲግሪ ሊሞቅ ይችላል፤ ሲዜሮጂ በዚያ ልዩነት የሚለወጠው ቢበዛ ከሺህ አንድ ያህል ነው። ርካሹ ሴራሚክ ግን በሙቀት ብዙ ስለሚለዋወጥ ስለ ኦፕ-አምፕ ያሰላነውን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል።

ላኪው ላይ ሚዛኑ ይገለበጣል። የሚመጣው ከመከፋፈያው የወጣ 5 ቮልት ካሬ ሞገድ ነው። ኪው 5 የሆነ፣ ጌይኑ 2 የሆነ ያው ፊልተር መሠረታዊውን ሳይን ያወጣና ለውጤት ትራንዚስተሮቹ ይሰጣል። በዚህ ካሬ ሞገድ ውስጥ ያለው የ10 ኪሎኸርዝ ሳይን ጫፍ 3.2 ቮልት ስለሆነ ውጤቱ 6.4 ቮልት ይደርሳል። ሳይን ዜሮን ሲያቋርጥ ያለው ዳገት ከሁሉ ቀጥ ያለው ነው፤

```
SR = 2π · f · Vp = 2π × 10 000 × 6.4 V ≈ 0.40 V/µs
```

ኤልኤም358 0.3 ብቻ ስለሚችል በ10 ኪሎኸርዝ የሚያወጣው ንጹሕ ሳይን በ4.8 ቮልት ጫፍ ላይ ያበቃል። የኃይል መጠን ቁልፉን ከዚያ በላይ ሲያዞሩ ሞገዱ ጎኑ ቀጥ እያለ ወደ ሦስት ማዕዘን ይሄዳል። ፍጹም ሦስት ማዕዘን ውስጥ ያለው ሦስተኛ ሃርሞኒክ 11 ከመቶ ነው፤ ፊልተሩ ከካሬው አጥቦ የሚያስቀረው 2.5 ከመቶ ሆኖ ሳለ። ሊያጠራ የገባው ቺፕ ራሱ ያቆሽሻል። ከዚህ የከፋው ግን ማዕከሉ ከሞገዱ ቁመት ጋር መንቀሳቀስ መጀመሩ ነው። ዳገቱን መከተል ያቃተው ኦፕ-አምፕ ወደ ኋላ ይዘገያል፤ መዘግየት በፊልተር ዙር ውስጥ የማዕከል መውረድ ነው። በዝቅተኛ ኃይል በጥንቃቄ የተስተካከለው ፊልተር ኃይሉ ሲጨመር ከቦታው ይንሸራተታል፤ ኪው ከፍ ባለ ፊልተር ላይ ደግሞ ውጤቱ በድንገት ዘሎ ሊወርድና ቁልፉ ሲመለስ በዚያው ነጥብ ላይ ላይነሣ ይችላል። በላኪው ላይ ቲኤል072 ከሚያስፈልገው በ30 እጥፍ፣ ኤንኢ5532 በ20 እጥፍ ይፈጥናሉ፤ በመካከላቸው ልዩነት የለም ብል አላጋነንኩም። ላኪው በሁለት የሞተር ብስክሌት ባትሪ ስለሚሠራ የ8 ሚሊአምፒሩም ነገር አያሳስብም።

ኦሲሎስኮፕ ላይ ሁለቱን ጉድለቶች መለየት ቀላል ነው። የሚገባውን ምልክት በዐሥር ይቀንሱ። ውጤቱ መልኩ ተስተካክሎ ቁመቱ ከዐሥር እጥፍ ባነሰ ከቀነሰ ጥፋቱ ስሉ ሬት ነው። ሞገዱ መጀመሪያም ጥሩ ሳይን ሆኖ፣ ቁመቱ ግን በትልቁም በትንሹም ምልክት በእኩል መጠን ከጎደለ ጥፋቱ የጌይን-ባንድዊድዝ ብዜት ነው። ትንሹን ምልክት ብቻ እያዩ ላኪ የሚፈትሹ ሰዎች ስሉ ሬትን በጭራሽ አያገኙትም።

ከመሸጥ በፊት ደግሞ ቺፑ በላዩ የተጻፈው መሆኑን ማረጋገጥ ይበጃል። ከአንድ ሱቅ በኤንኢ5532 ስም የገዛሁት ጥቅል ውስጥ የነበሩት ጽሑፉ ብቻ አዲስ ነበር። መፈተሻው ሁለት ሬዚስተር ነው፤ 100 ኪሎኦምና 1 ኪሎኦም፣ ጌይኑ 101 የሆነ የማይገለብጥ ማጉያ። 10 ሚሊቮልት ያስገቡና ውጤቱ በዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ከነበረው ወደ 0.7 እስኪወርድ ፍሪኩዌንሲውን ከፍ ያድርጉ። ኤልኤም358 ወደ 10 ኪሎኸርዝ፣ ቲኤል072 ወደ 30፣ እውነተኛ ኤንኢ5532 ወደ 100 ኪሎኸርዝ ላይ ይወርዳል። የእኔዎቹ 10 ላይ ወደቁ። ለስሉ ሬት ደግሞ በ±9 ቮልት የሚሠራ ጌይን 1 ተከታይ ላይ 6 ቮልት የሚዘልል ካሬ ሞገድ ያስገቡ፤ ኤልኤም358 ዝላዩን ለመጨረስ 20 ማይክሮሰከንድ ይፈጅበታል፣ ቲኤል072 ከግማሽ ማይክሮሰከንድ ያነሰ።

እኔ አሁን የምጠቀመው በተቀባዩ ላይ ለእያንዳንዱ የሽቦ ጥቅል አንድ ቲኤል072፣ ማለት ሁለት ኪው 5 ደረጃ፣ በ1 ናኖፋራድ ሲዜሮጂ ነው፤ ሁለቱም መስመሮች ከአንድ ምልክት ተስተካክለው ንባባቸው በ1 ከመቶ ውስጥ ተገናኝቷል። በላኪው ላይም ያው ቲኤል072 ገብቷል፤ መለዋወጫ አንድ ዓይነት ብቻ እንድይዝ። ግቢው ውስጥ መሣሪያው 90 ሴንቲሜትር ሲል ቧንቧ ሠራተኛው አላመኑም፤ ብረታቸውን ከምልክቱ አንድ ስንዝር ራቅ አድርገው ሰኩትና፣ ከዚያ አጎንብሰው መቆፈር ጀመሩ።